አሥር ውርወራ ሰው ለመክሰስ ይበቃል? ከአይከል በመጣ አንድ የመልመጃ ፎቶ ላይ የቀረበ ሂስ

ሰሞኑን አንድ ፎቶ ደረሰኝ። የላከችልኝ የስታቲስቲክስ ተማሪ ናት፤ ለእረፍት ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው አይከል፣ ቤተሰቦቿ ዘንድ ነው ያለችው። ፎቶው የአንድ መልመጃ ወረቀት ነው። ጓደኛዋ በስልክ አንስታ የላከችላት ስለሆነ ወረቀቱ ጠመም ብሏል፣ የቀኝ ጥጉ ላይም የአውራ ጣት ጥላ አርፎበታል። ጥላው የሸፈነው አንድ ፊደል ብቻ ነው። ነገር ግን ያቺ አንድ ፊደል ጣጣ አመጣች።

መልመጃው እንዲህ ይላል፦

«ሁለት ቡድኖች ኳስ ማን እንደሚጀምር ለመለየት የ1 ብር ሳንቲም ይወረውራሉ። የአንደኛው ቡድን አምበል ሁልጊዜ በራሱ ሳንቲም ካልሆነ አይልም፤ የሚመርጠውም ሁልጊዜ አንበሳውን ነው። ሳንቲሙ የማያዳላ ለመሆኑ ጠንካራ እምነት ስላለን ቅድመ እምነታችን ቤታ(2, 2) ይሁን። ሳንቲሙ 10 ጊዜ ተወርውሮ የወጣው፦ አ አ ሚ አ አ አ ሚ አ አ … ነው። ድህረ እምነቱን ፈልጉ። ሳንቲሙ ያዳላል?»

«አ» አንበሳ ነው፣ «ሚ» ደግሞ በ1 ብር ሳንቲም ሌላኛው ገጽ ላይ ያለው ሚዛን። (ታላላቆቻችሁ «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል፤ ነገሩ ያው ነው።) ነጥብ ነጥብ ያደረግኩበት ቦታ በጣቱ ጥላ የተሸፈነው አሥረኛው ውርወራ ነው።

ተማሪዋ የሚታዩትን ዘጠኙን ብቻ ቆጥራ ሠራች። በመጨረሻም «ሳንቲሙ ያዳላል ለማለት አልደፍርም» ብላ ጻፈች። የመልስ ወረቀቱ ሲወጣ ግን እንዲህ ይላል፦ «ቤታ(10, 4)፤ አማካዩ 10/14 = 0.71። ስለዚህ ሳንቲሙ ለአንበሳ ያዳላል፤ አምበሉ አጭበርብሯል።» ሁለቱም መልሶቿ ላይ ኤክስ ተደረገባት። የጠየቀችኝ ሁለት ነገር ነው፦ ዘጠኙን ብቻ መቁጠሬ ስህተት ነበር? ድምዳሜዬስ?

መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ዘጠኙን መቁጠሯ ትክክል ነው። ድምዳሜዋም ከመልስ ወረቀቱ ይሻላል። የሒሳቡ ስሌት ላይ ጥፋት የለም፤ ጥፋቱ ያለው ከስሌቱ በፊትና ከስሌቱ በኋላ ነው። ለምን እንደሆነ ደረጃ በደረጃ እንየው።

ስሌቱ በጠጠር

«ቤታ» የሚለው ስም አያስፈራችሁ። ሳንቲሙ አንበሳ የማሳየት ዕድሉን p እንበለው። p ከ0 እስከ 1 ድረስ የትኛውም ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ እኛ ግን አናውቀውም። ስለዚህ «p ወደዚህ ይሆናል ብዬ በዚህ ያህል እገምታለሁ» የሚለውን እምነታችንን በአንድ የቀመር ቅርጽ እናስቀምጣለን። ቤታ(a, b) ማለት ያ ቅርጽ ነው፦

p^(a−1) × (1−p)^(b−1)

አሁን ሳንቲሙ ተወርውሮ h ጊዜ አንበሳ፣ t ጊዜ ሚዛን ወጣ እንበል። p ይህን ያህል ቢሆን ያየነው ነገር የመከሰት ዕድሉ p^h × (1−p)^t ነው። የቤዝ ሕግ የሚለው ሁለቱን አባዙ ነው። ስናባዛ ከላይ ያሉት ትንንሾቹ ቁጥሮች ይደመሩና ያው ቅርጽ ተመልሶ ይመጣል፦ ቤታ(a+h, b+t)። በቃ፣ ይኸው ነው። ለዚህ ነው ቤታ በሳንቲም መልመጃ ላይ የማይጠፋው፤ ማሻሻሉ መደመር ብቻ ይሆናል።

በጠጠር ብታስቡት ደግሞ ይቀላል። ሁለት ቆርቆሮ አስቀምጡ፣ አንዱ የአንበሳ፣ አንዱ የሚዛን። ቤታ(2, 2) ማለት ገና ሳንቲሙ ሳይወረወር በየቆርቆሮው ሁለት ሁለት ጠጠር ማስቀመጥ ነው። ከዚያ በየውርወራው በወጣው ቆርቆሮ ውስጥ አንድ ጠጠር ትጨምራላችሁ። ቀጣዩ ውርወራ አንበሳ የመሆን ዕድሉ በማንኛውም ሰዓት የአንበሳው ጠጠር ለጠቅላላው ጠጠር ሲካፈል ነው። የመልስ ወረቀቱ እንደሚለው 8 አንበሳና 2 ሚዛን ከወጣ፣ ቆርቆሮዎቹ ውስጥ 10 እና 4 ጠጠር ይኖራል። 10 ለ14 ሲካፈል 0.71። ስሌቱ ልክ ነው።

ቃሉ ሌላ፣ ቁጥሩ ሌላ

አሁን ወደ መልመጃው ዋና ጉድለት ልምጣ። ወረቀቱ «ጠንካራ እምነት አለን» ይላል። ያስቀመጠው ግን በየቆርቆሮው ሁለት ጠጠር ነው። አራት ጠጠር ጠንካራ እምነት ነው እንዴ?

ይህን ለመፈተሽ ጥሩ መንገድ አለ፣ ራሳችሁም በወረቀት ልትሠሩት ትችላላችሁ። ቅድመ እምነቱን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁት፦ «ሳንቲሙን 10 ጊዜ ብወረውር አሥሩም አንድ ዓይነት ገጽ የመሆኑ ዕድል ስንት ነው ትለኛለህ?» በጠጠራችን እንከተለው። የመጀመሪያው አንበሳ የመሆን ዕድሉ 2/4። እሱ ከወጣ አንድ ጠጠር ይጨመራልና ቀጣዩ 3/5። ከዚያ 4/6፣ 5/7 እያለ እስከ 11/13 ይሄዳል። አሥሩን አባዙ፦

(2×3×4×…×11) / (4×5×6×…×13)

ከላይም ከታችም ከ4 እስከ 11 ያሉት ይጣፋሉ። የሚቀረው (2×3)/(12×13) ነው፣ ማለትም 6/156፣ ማለትም 1/26። አሥሩም ሚዛን የመሆናቸው ዕድልም ያው 1/26 ስለሆነ፣ ሁለቱ ሲደመሩ 1/13 ይሆናል።

ቆም ብላችሁ አስቡት። ቤታ(2, 2) የሚላችሁ፣ አሥር ጊዜ በወረወራችሁ ቁጥር ከ13 ጊዜ አንዴ አሥሩም አንድ ዓይነት ይወጣሉ ብዬ እጠብቃለሁ ነው። ፍጹም በማያዳላ ሳንቲም ግን ይህ የሚሆነው ከ512 ጊዜ አንዴ ነው። ሳንቲሙን «አጥብቆ የሚያምን» ሰው ከ13 አንዴ አይልም። ከዚህም ሌላ በቤታ(2, 2) p ከ0.4 እስከ 0.6 መካከል የመሆኑ ዕድል 30% እንኳ አይሞላም፤ 29.6% ነው። ይህን የሚል ሰው «ስለዚህ ሳንቲም የማውቀው ነገር ጥቂት ነው፤ ወዴትም ሊያዳላ ይችላል» እያለ ነው።

ታዲያ ጠንካራ እምነት ምን ይመስላል? ለምሳሌ ቤታ(50, 50)። በየቆርቆሮው ሃምሳ ጠጠር። በዚህኛው p ከ0.4 እስከ 0.6 መካከል የመሆኑ ዕድል 95% ገደማ ነው። አሥሩም ውርወራ አንድ ዓይነት የመሆኑ ዕድልም ከ340 አንዴ አካባቢ ይሆናል፤ ወደ 512ቱ ጠጋ ይላል። አሁን ወረቀቱ በቃል ያለውን በቁጥርም አለ ማለት ይቻላል።

በዚህ ጠንካራ እምነት ያንኑ 8 አንበሳና 2 ሚዛን ብንጨምር ምን ይመጣል? ቤታ(58, 52)፤ አማካዩ 58/110፣ 0.53 ማለት ነው። ከ0.71 ወደ 0.53! ውርወራው አልተለወጠ፣ ቀመሩ አልተለወጠ። የተለወጠው ወረቀቱ በቃል የተናገረውን ማክበራችን ብቻ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የድህረ እምነቱ አማካይ በቅድመ እምነቱና በታየው ውጤት መካከል የሚደረግ ድርድር ነው፤ እያንዳንዱ ወገን የሚሰማው በጠጠሩ ብዛት ልክ ነው። በመጀመሪያው አራቱ ጠጠር «ግማሽ» ይላሉ፣ አሥሩ ውርወራ «0.8» ይላል፤ አሥሩ አሸንፈው 0.71 ላይ ተስማሙ። በሁለተኛው አሥሩ የሚከራከሩት ከመቶ ጋር ነው፤ ብዙም አልገፉም።

እዚህ ላይ «ታዲያ ቅድመ እምነት እንደፈለጉ የሚያደርጉት ነገር ከሆነ ምን ዋጋ አለው?» ትሉ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ቅድመ እምነት ከሜዳ አይመጣም የሚል ነው፤ ስለ ሳንቲም የምናውቀው ነገር አለ። ጆን ኬሪክ የተባለ የሒሳብ ሊቅ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዴንማርክ ውስጥ ታስሮ ሳለ ሳንቲም 10,000 ጊዜ ወርውሮ 5,067 ጊዜ ዘውዱ ወጣለት። አንድሩ ጌልማንና ዴቦራ ኖላን የተባሉ የስታቲስቲክስ ምሁራን ደግሞ በ2002 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጽሑፍ፣ አየር ላይ እየተሽከረከረ ሄዶ በእጅ የሚያዝ ሳንቲም አንድ ወገኑን በማክበድ እንዲያዳላ ማድረግ እንደማይቻል አስረድተዋል። ጠረጴዛ ላይ ቆሞ የሚሽከረከር ሳንቲም ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እሱ ሊያዳላ ይችላል።

ስለዚህ መልመጃው ሊነግረን የሚገባው ሳንቲሙ እንዴት እንደተወረወረ ነበር። ወደ ላይ ተወርውሮ በእጅ ከተያዘ ቤታ(50, 50) እንኳ ለጋስ ነው፤ ከዚያም የጠነከረ ቢሆን አይበዛበትም። ጠረጴዛ ላይ ከተሽከረከረ ቤታ(2, 2) ሊያስኬድ ይችላል፤ ያኔ ግን «ጠንካራ እምነት» የሚለው ቃል ይውጣ።

ከ0.71 እስከ «አጭበርብሯል»

ሁለተኛው ጉድለት መጨረሻው ላይ ነው። ለክርክሩ ያህል ቤታ(2, 2)ን እንቀበል። ድህረ እምነቱ ቤታ(10, 4) ነው። የመልስ ወረቀቱ ከዚህ አንድ ቁጥር መዘዘ፣ 0.71፣ ከዚያ «ስለዚህ ያዳላል» አለ። ግን አማካይ የእምነቱ መሃል ብቻ ነው። ጥያቄው «p ከግማሽ በታች ወይም እዚያው አካባቢ የመሆኑ ዕድልስ?» መሆን ነበረበት። ይህን አር በተባለው ፕሮግራም በሁለት መስመር ማየት ይቻላል፦

```
pbeta(0.5, 10, 4)
pbeta(0.5, 58, 52)
```

የመጀመሪያው 0.046 ይሰጣል፣ ሁለተኛው 0.28። ማለትም በደካማው ቅድመ እምነት p ከግማሽ በታች የመሆኑ ዕድል 5% አይሞላም፤ በጠንካራው ግን 28% ነው። ወረቀቱ በቃሉ ከጸና፣ «ሳንቲሙ ወደ አንበሳ ያዳላል» የሚለው ድምዳሜ ከአራት አንዴ በላይ ሊሳሳት ይችላል ማለት ነው።

«በደካማው ከሄድንስ ከ95% በላይ እርግጠኛ አይደለንም?» ካላችሁ፣ የመልስ ወረቀቱን ጸሐፊ ወግኜ እውነት አላችሁ እላለሁ፤ ግን ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ ያ እርግጠኝነት የተገኘው ገና ከመጀመሪያው «ሳንቲሙ ወዴትም ሊያዳላ ይችላል» ብለን ስለተነሳን ነው። ሁለተኛ፣ p ከ0.5 ትንሽ መብለጡና ሰው ማጭበርበሩ አንድ አይደሉም። ፍራንቲሼክ ባርቶሽና ባልደረቦቹ በ2023 (እ.ኤ.አ.) ይፋ ያደረጉት ጥናት ላይ 48 ሰዎች ሳንቲም 350,757 ጊዜ ወርውረው፣ ሳንቲሙ ሲወረወር ወደ ላይ የነበረው ገጽ ተመልሶ የወጣው 50.8% ያህል ጊዜ ነው። ማንም አላጭበረበረም፤ የእጅ አወራወር የሚያመጣው ነገር ነው። አምበሉም ሁልጊዜ አንበሳውን ወደ ላይ አድርጎ የሚወረውር ከሆነ ሳንቲሙ ንጹሕ ሆኖ ሳለ p ከግማሽ ሚጢጢ ያህል ሊበልጥ ይችላል። p የሳንቲሙ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ የሳንቲሙም፣ የእጁም፣ የአያያዙም ነው።

ድህረ እምነቱ ስለ p ይናገራል። ስለ አምበሉ ሐሳብ ግን አንድም ቃል አይናገርም። ቀመሩ ውስጥ «አጭበርባሪ» የሚባል ፊደል የለም። ተማሪዋ «አልደፍርም» ማለቷ ፍርሃት አይደለም፤ ቁጥሩ እስካደረሳት ድረስ ሄዳ መቆሟ ነው።

በጥላ የተሸፈነችው ፊደል

አሁን ወደ ዘጠኙ እንመለስ። በፎቶው የሚታዩት 7 አንበሳና 2 ሚዛን ናቸው። ተማሪዋ በወረቀቱ ቤታ(2, 2) ተነስታ ቤታ(9, 4) ጋ ደረሰች፤ አማካዩ 9/13፣ 0.69። እርማቱ «አንድ ውርወራ ጎድሏል» ብሎ ኤክስ አደረገበት። ግን ያላየችውን ምን ታድርገው? መገመት ነበረባት?

እስቲ እንገምት፤ ምን እንደሚሆን ታዩታላችሁ። በዘጠኙ መሠረት አሥረኛው አንበሳ የመሆን ዕድሉ 9/13፣ ሚዛን የመሆን ዕድሉ 4/13 ነው። አንበሳ ከሆነ አማካዩ 10/14 ይሆናል። ሚዛን ከሆነ 9/14። ሁለቱን በየዕድላቸው አመዛዝነን ብንደምር፦

(9/13 × 10/14) + (4/13 × 9/14) = (90 + 36)/182 = 126/182 = 9/13

ተመልሶ 9/13! ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ያላያችሁትን ውርወራ በሐቅ ብትገምቱት አማካያችሁ ካላችሁበት አይንቀሳቀስም፤ መገመት መረጃ አይጨምርምና። ስለዚህ «ያየሁትን ቆጠርኩ» የሚለው ሥራ የጎደለ ሳይሆን ትክክለኛው መልስ ነው። እኔ ብሆን ሙሉ ውጤት እሰጣት ነበር፤ «አሥረኛው በፎቶው ላይ አይነበብም» ብላ አንድ መስመር ከጻፈችበት ደግሞ አመሰግናት ነበር።

አንድ ገደብ ግን አለው፣ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ይህ የሚሠራው ጥላው የወደቀው በዘፈቀደ ሲሆን ነው። የጓደኛዋ አውራ ጣት አንበሳ ይሁን ሚዛን ሳይመርጥ ነው ያረፈው፤ ስለዚህ መሸፈኑ ራሱ ምንም አይናገርም። የአምበሉ ጓደኞች ደብተር ይዘው፣ የማይመቻቸውን ውጤት እየሠረዙ ቢሆን ኖሮስ? ያኔ የተሠረዘው ውርወራ ራሱ መረጃ ነው፤ የቀሩትን ብቻ መቁጠር ያሳስታል። የጎደለ ቁጥር ስታዩ «ምን ነበር?» ከማለታችሁ በፊት «ለምን ጎደለ?» በሉ።

ወረቀቱ ቢታረም

ይህን መልመጃ ጣሉት አልልም። ታሪኩ ጥሩ ነው፤ ኳስ ለመጀመር ሳንቲም ያልወረወረ ማን አለ? ቁጥሮቹም በእጅ የሚሠሩ ናቸው። ሦስት ቦታ ብቻ ቢነካካ ይበቃዋል። ሳንቲሙ እንዴት እንደተወረወረ ይናገር። ጥያቄውን በሁለት ቅድመ እምነት፣ በቤታ(2, 2)ም በቤታ(50, 50)ም አሠርቶ «መልሳችሁ ለምን ተለያየ?» ይበል። መጨረሻው ላይ ያለው «ሳንቲሙ ያዳላል?» ወጥቶ «p ከ0.5 የመብለጡ ዕድል ስንት ነው? ይህን መልስ ለመቀበል ስለ ቅድመ እምነቱ ምን ማመን አለባችሁ?» በሚለው ይተካ።

ውርወራው ቢበዛስ ሁለቱ ቅድመ እምነቶች ይታረቃሉ? ሞክሩት። ውጤቱ በዚያው መጠን ቀጥሎ ከ1,000 ውርወራ 800 አንበሳ ወጣ እንበል። ከቤታ(2, 2) የተነሳ ሰው 802/1004 ላይ ይደርሳል፣ 0.80 ማለት ነው። ከቤታ(50, 50) የተነሳ ደግሞ 850/1100፣ 0.77። በአሥር ውርወራ በ0.71 እና በ0.53 ተራርቀው የነበሩት ሰዎች አሁን ጎን ለጎን ናቸው፤ ሁለቱም «ይህ ነገር ግማሽ አይደለም» ይላሉ። ያን ጊዜ አምበሉን ሳንቲምህን አሳየን ማለት ያስኬዳል። በአሥሩ ግን ገና ነው።

ለአይከሏ ተማሪያችን፦ መልስሽን ይዘሽ ወደ መምህርሽ ሂጂ። አስቀድመሽ ያችን ከ13 አንዴ የምትለውን ስሌት በወረቀት ሠርተሽ ያዢ። «እርስዎ ጠንካራ እምነት ሲሉ፣ ከ13 አንዴ ማለትዎ ነበር?» ብለሽ በትህትና ጠይቂያቸው። ጥሩ መምህር ከሆኑ ያኔውኑ እርሳስ ያነሳሉ።